«ይኼን ማን አለ?» ስለ ታጁራ የጻፍነው አንድ ገጽ ያስተማረን

 

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሐሙስ ማታ ሦስት ሆነን እንቀመጣለን። አንዳችን ፈረንሳይኛ እናነባለን፣ አንዳችን እንግሊዝኛ፣ አንዳችን ደግሞ የአማርኛ የእጅ ጽሑፋችን ያምራል። ከሳምንቱ ጋዜጦች ለነጋዴ የሚጠቅመውን መርጠን በአንድ ገጽ አማርኛ እናሳጥራለን፣ በስልክ ፎቶ አንስተን እንልካለን። ገጹ በደወሌ ለሚመላለሱት፣ ድሬዳዋ ላሉት፣ እዚሁ ባልባላ ውስጥ ሱቅ ለከፈቱት ይደርሳል። ማንበብ ለማይችሉት ልጆቻቸው ያነቡላቸዋል። በዚህ ሥራ ምንም አናገኝበትም፤ ሰው በወሬ እንዳይሳሳት ብለን የጀመርነው ነው። አንድ ጊዜ ግን ያሳሳትነው እኛው ራሳችን ሆንን። ዛሬ የምንነግራችሁ ያንን ነው።

ነገሩ የሆነው በኦገስት 2024 መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2016 ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የጂቡቲ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ማሕሙድ ዓሊ ዩሱፍ ለቢቢሲ በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ ጂቡቲ የታጁራን ወደብ መቶ በመቶ እንድታስተዳድር ለኢትዮጵያ ጥያቄ እንደምታቀርብ ተናገሩ። ጊዜው ውጥረት የበዛበት ነበር። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 1 ቀን ኢትዮጵያ ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈርማ አካባቢው ሁሉ ይነጋገርበት ነበር፤ ሚኒስትሩም ሐሳቡ ውጥረቱን ለማርገብ እንደሆነ አስረድተው ነበር። ታጁራ ያላችሁ የምታውቁት ነው፤ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ወደብ ነው።

በዚያ ሳምንት በእጃችን የገባው ግን ቃለ ምልልሱ ራሱ አልነበረም። አንድ ሰው ስለ ቃለ ምልልሱ የጻፈው የአስተያየት ጽሑፍ ነበር። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፣ ደፋርም ነበር። ጸሐፊው ሚኒስትሩ ያሉትን አነሣ። ከዚያ ወደ ራሱ ግምት አለፈ፤ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ አብዛኛው የኢትዮጵያ ጭነት ከዶራሌ ወደ ታጁራ ይዞራል አለ። በመጨረሻም ቀድሞ እዚያ ቦታ የያዘ ትንሽ ነጋዴ እንደሚጠቀም ጻፈ። ከጽሑፉ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ስለ ጸሐፊው ማንነት አንድ መስመር ነበረች፤ ታጁራ ውስጥ የመጋዘን ሥራ እንዳለው ትናገራለች። እኛ ያቺን መስመር አየናት፣ ግን ቦታ ለመቆጠብ ተውናት።

በገጻችን ላይ የጻፍነው እንዲህ ነበር፦

«ኢትዮጵያ የታጁራን ወደብ መቶ በመቶ ልታስተዳድር ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አብዛኛው ጭነት ከዶራሌ ወደ ታጁራ ይዛወራል። ቀድመው ቦታ የያዙ ነጋዴዎች ተጠቃሚ ይሆናሉ።»

ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ሲነበቡ ያምራሉ። አንድም ቃል ከራሳችን አልፈጠርንም። ግን ሦስቱም ውሸት ሆኑ።

ሁላችን እትዬ የምንላቸው አንዲት እናት አሉ፤ ልብስና የፕላስቲክ ዕቃ ያመላልሳሉ። ገጹን ልጃቸው አነበበላቸው። በሳምንቱ በጀልባ ታጁራ ተሻገሩና አንድ ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ ተከራዩ፤ በወር 30,000 ፍራንክ፣ የሦስት ወር ቅድሚያ ከፍለው። 90,000 ፍራንክ ማለት አምስት መቶ ዶላር ግድም ነው፤ ለእሳቸው የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። ሦስቱ ወር አለቀ፣ ክፍሉ ባዶውን ተቀመጠ። ዓመቱም ዞረ፤ ጭነቱ ግን ዛሬም በዶራሌ በኩል ነው የሚሄደው።

አንድ ቀን ወደ ቤታችን መጡ። አልተቆጡም። ሻይ ከጠጡ በኋላ ገጹን ከቦርሳቸው አወጡና፦

«ልጆቼ፣ ይኼን ማን አለ?» አሉን።

«ሚኒስትሩ ናቸው፣ እትዬ» አልን።

«ሚኒስትሩ ጭነቱ ይዞራል አሉ?»

ዝም አልን። ሚኒስትሩ እንዲያ አላሉም፤ ያለው ጸሐፊው ነው።

«እና ይኼ ጸሐፊ ምን የሚሠራ ሰው ነው?»

ያን ጊዜ ነው ያቺ የግርጌ መስመር ትዝ ያለችን። ነገርናቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና «መጋዘን የሚያከራይ ሰው መጋዘን ተከራዩ ቢል ምን ይገርማል? እናንተ ግን ይኼን ብትነግሩኝ አልሄድም ነበር» አሉ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ያንን ገጽ ከዋናው ጽሑፍ ጎን ዘርግተን ቃል በቃል አመሳከርን። የት የት እንደተበላሸ ሲታይ፣ እያንዳንዱ ስሕተት የራሱ መንገድ ነበረው።

የመጀመሪያው የግሥ ጉዳይ ነው። ሚኒስትሩ ያሉት «እናቀርባለን» ነው። አንድ ሰው ዕቃ በዚህ ዋጋ ውሰድ ብሎ ቢጠይቅ ሽያጩ አልተፈጸመም፤ ይኼንን ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ኢትዮጵያ እሺ ማለት አለባት፣ ውል መፈረም አለበት፣ ከዚያ በኋላ ነው «ልታስተዳድር ነው» የሚባለው። በእኛ ገጽ ላይ ጥያቄው ውል ሆነ። ስናሳጥር ብዙ ጊዜ የምናጠፋው ይኼንን ነው፤ «ሐሳብ አቀረበ»፣ «ጠየቀ»፣ «አቅዷል» የሚሉት ረጃጅም ናቸው፣ «ሊሆን ነው» ደግሞ አጭር ነው። አጭሩን መረጥን፤ ትርጉሙ ተቀየረ።

ሁለተኛው ከአማርኛችን ጠባይ የመጣ ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ «በአንድ ዓመት ውስጥ አብዛኛው ጭነት ወደ ታጁራ ይዛወራል ሲል ጸሐፊው ግምቱን ጽፏል» ብንል፣ አንባቢው ዋናውን ነገር እንደ እውነት ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የግምት መሆኑን የሚሰማው። ጮክ ብሎ የሚያነብ ልጅ ደግሞ ከ«ይዛወራል» ላይ ይቆማል፤ «ሲል ጸሐፊው» የሚለውን ያንጠባጥባል። ፎቶው ሲቆረጥም መጀመሪያ የሚቆረጠው የመስመሩ ጫፍ ነው። እኛ ደግሞ ጭራሽ ቆርጠን ጣልነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ተናጋሪውን ፊት እናስቀድማለን፦ «ጸሐፊው እንደሚገምተው…»፣ «ሚኒስትሩ ለቢቢሲ እንደተናገሩት…»። በዚህ አጻጻፍ ማን እንዳለው ሳይሰማ ነገሩ ሊሰማ አይችልም።

ሦስተኛው ለማየት ይከብዳል። ከመላካችን በፊት በነበረው ረቂቅ ላይ አንድ ቦታ «ጸሐፊው እንደሚለው» ብለን ጽፈን ነበር፤ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ። ያ ይበቃል ብለን ሌሎቹን ያለ ስም ተውናቸው፣ በኋላም ያችኑ አንዷን «ግልጽ ነው» ብለን ሰረዝናት። ግን ባንሰርዛትም ኖሮ አትበቃም ነበር። አራት ነጥብ በተደረገ ቁጥር የተናጋሪው ስም ያበቃል። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ያለ ባለቤት ከቆመ፣ አንባቢ የሚሰጠው ለእኛ ነው፤ «እነሱ ብለዋል» ይላል። እትዬም ያደረጉት ይኼንኑ ነው። ስለዚህ የሌላ ሰው ሐሳብ ሦስት ዓረፍተ ነገር ከወሰደ፣ በሦስቱም ላይ ምልክቱ መኖር አለበት። በየመስመሩ ስሙን መድገም ያሰለቻል፤ «በእሱ ግምት»፣ «እንደ እሱ እምነት»፣ «ይኸው ሰው ጨምሮም» እያልን እናለዋውጠዋለን። አንድ ላይ መጠቅለል ሲቻልም እንጠቀልላለን።

አራተኛው «ማን ነው ያለው?» ለሚለው ስም ብቻ መልስ አለመሆኑ ነው። ስሙን ብንጽፍ እንኳ እትዬ ሰውዬውን አያውቁትም። የሚያስፈልጋቸው ሰውየው ከነገሩ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። «ታጁራ ውስጥ የመጋዘን ሥራ ያለው ጸሐፊ» የሚሉት ቃላት ከስሙ የበለጠ ይናገራሉ። ይኼ ሰውየውን ማማት አይደለም፤ ትክክልም ሊሆን ይችላል። ራሱ በግርጌው ጽፎታል፤ እኛ ነን የደበቅነው።

ከዚያ ያንኑ ዜና እንደገና ጻፍነው። እንዲህ ሆነ፦

«የጂቡቲ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማሕሙድ ዓሊ ዩሱፍ ለቢቢሲ እንደተናገሩት፣ አገራቸው የታጁራን ወደብ መቶ በመቶ እንድታስተዳድር ለኢትዮጵያ ጥያቄ ታቀርባለች። በጽሑፉ ላይ የተፈረመ ውል አልተጠቀሰም። ታጁራ ውስጥ የመጋዘን ሥራ ያለው አንድ ጸሐፊ በበኩሉ በአንድ ዓመት ውስጥ አብዛኛው ጭነት ወደዚያ ይዞራል ብሎ ይገምታል፤ በእሱ አስተያየት ቀድሞ ቦታ የያዘ ይጠቀማል።»

ከቀድሞው በእጥፍ ይረዝማል። ግን እትዬ ይኼን ቢሰሙ ኖሮ ጀልባ አይሳፈሩም ነበር። «በጽሑፉ ላይ የተፈረመ ውል አልተጠቀሰም» የምትለዋ መስመር የእኛው ናት፤ የጸሐፊው አይደለችም። ስለዚህም «ውል የለም» አላልንም። ውል መኖር አለመኖሩን እኛ አላጣራንም፤ ያየነው ጽሑፉን ብቻ ነው። የራሳችንን ምስክርነትም ካየነው በላይ መለጠጥ የለብንም።

በሌላ በኩል ደግሞ ተቃራኒውን ስሕተት ሠርተን ታውቃላችሁ። ከእትዬ ነገር በኋላ ለሁለት ወር ያህል ሁሉ ነገር ላይ «አለ» እንለጥፍ ነበር። «ጸሐፊው እንደሚለው ታጁራ ወደብ አለው» ብለን ጻፍን! አንዱ ከድሬዳዋ ደውሎ «ፈርሷል እንዴ?» ሲለን ነው የገባን። ማንም ሄዶ የሚያየውን ነገር በሰው አፍ ብናስቀምጠው አጠራጣሪ ይመስላል። የፍራንክ ምንዛሪ ለአንድ ዶላር በ177.721 የተያዘ መሆኑ የማንም አስተያየት አይደለም፤ ያለ «አለ» ይጻፋል። የፍራንክ ምንዛሪ እንዲህ ታስሮ መቆየቱ ለነጋዴው ይበጃል ወይስ ይጎዳል የሚለው ግን የተናጋሪው ነው፤ ስሙ ይጠራ።

ታዲያ የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዴት እንለያለን? እኛ ሁለት ቀለም እስክርቢቶ እንጠቀማለን። በሰማያዊ የምናሰምረው፣ ሌላ ሰው ሄዶ፣ ቆጥሮ ወይም ሰነድ አይቶ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ነው፤ ቀን፣ ዋጋ፣ ርቀት፣ የተፈረመ ወረቀት። በቀይ የምናሰምረው ሦስት ዓይነት ነገር ነው። አንደኛው ገና ያልሆነው፣ «ይሆናል፣ ይዞራል፣ ይወድቃል» የሚለው። ሁለተኛው የሚመዝነው፣ «ዋናው፣ የተሻለው፣ አደገኛው» የሚለው። ሦስተኛው ምክንያት የሚሰጠው ነው፣ «ዋጋ የጨመረው በዚህ የተነሣ ነው» የሚለው። ምክንያት ብዙ ጊዜ እንደ እውነት ሆኖ ያልፋል፤ ዋጋው መጨመሩ ሰማያዊ ቢሆንም «በዚህ የተነሣ» የሚለው ቀይ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱም ቀለም ካለበት ለሁለት እንከፍለዋለን። ሲያልቅ ከቀዩ ፊት ሁሉ የሰው ስም ወይም ማንነት መኖሩን እናያለን።

ግሦቹንም አንድ በአንድ ማየት ለመድን። «አለ»፣ «ተናገረ»፣ «ጻፈ» የሚሉት ለማንም አያደሉም። «አረጋገጠ»፣ «አጋለጠ»፣ «አመነ» ስንል ግን ሰውየው ያለው እውነት ነው ብለን እኛም ፈርመንበታል። በተቃራኒው «ተብዬ» ወይም «ነኝ ባይ» ስንል የራሳችንን ጥርጣሬ በእሱ ቃል ላይ ጨምረናል። በጣም የምንፈራው ግን «ተባለ» የሚለውን ነው። «ቀረጥ ሊጨምር ነው ተባለ» ከተጻፈ ማን እንዳለው ጠፋ፤ የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ይሁን፣ ደላላ ይሁን አይታወቅም። «ይጠበቃል»ም እንደዚያው ነው፤ ማን ነው የሚጠብቀው? የሚጠብቀውን ካላገኘነው ዜናውን አንጽፈውም።

ፈረንሳይኛ የምታነቡ ደግሞ አንድ ወጥመድ ተጠንቀቁልን። የፈረንሳይኛ ጋዜጦች ያላረጋገጡትን ነገር ሲጽፉ ግሡን ይቀይሩታል። «ጂቡቲ ኦሬ ፕሮፖዜ» ከተባለ «ጂቡቲ አቀረበች» ማለት አይደለም፤ «አቅርባለች የሚል ወሬ አለ፣ እኛ ግን አላረጋገጥንም» እንደማለት ነው። «ሴሬ» እና «ኦሬ» የሚሉትን ስናይ ቆም እንላለን። በአማርኛ ለዚህ የተለየ የግሥ መልክ ስለሌለን ብዙ ጊዜ «አቀረበች» ብለን እንተረጉመዋለን፤ ጋዜጠኛው በጥንቃቄ ያስቀመጠው ጥርጣሬ በእኛ እጅ ይጠፋል። «ጋዜጣው እንዳላረጋገጠ ገልጾ እንደጻፈው» ብሎ መጀመር ይረዝማል፣ ግን ሌላ መንገድ አላገኘንም።

አንዳንዴ ደግሞ ከተናጋሪዎቹ ቃል በስተቀር በእጃችን የሚገባ ምንም የለም። ከላይ ያነሣነው የጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ሰነድ እንዲህ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የሶማሊላንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሙሴ ቢሂ አብዲ አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ፤ ይኼ ሰማያዊ ነው። የሰነዱ ሙሉ ቃል ግን ለሕዝብ አልወጣም። የሶማሊላንድ ወገን ኢትዮጵያ ዕውቅና ትሰጣለች አለ። የኢትዮጵያ መንግሥት በመግለጫው ስለ ዕውቅናው ጥያቄ አቋም ለመያዝ ጥልቅ ግምገማ እንደሚያደርግ ነው የጻፈው። የሞቃዲሾ መንግሥት ሰነዱ ዋጋ የለውም አለ። በዚያን ጊዜ በየሻይ ቤቱ «ኢትዮጵያ ሶማሊላንድን ዕውቅና ሰጠች» ይባል ነበር፤ በበርበራ በኩል ሥራ ለመጀመር ገንዘብ ያሰባሰቡም ነበሩ። እንዲህ ባለው ነገር ላይ ትክክለኛው ማጠቃለያ ሦስቱን ወገኖች በየስማቸው፣ በየራሳቸው ግሥ ማስቀመጥ ነው። ከሦስቱ አንድ «እውነተኛ» ዓረፍተ ነገር ለመሥራት የሚሞክር ሰው የአንዱን ወገን ቃል የሁሉ ያደርጋል። ዲሴምበር 2024 አንካራ ላይ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በቱርክ አሸማጋይነት የጋራ መግለጫ ሲያወጡ ወሬው ሌላ መልክ ያዘ፤ በየስማቸው ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ግን የሚያርመው ነገር አልነበረውም።

የእትዬን ገንዘብ ሦስታችን አዋጥተን ለመመለስ ሞክረን ነበር። ግማሹን ተቀበሉ፣ ግማሹን «እኔም ሳልጠይቅ ሄጃለሁ» ብለው መለሱልን። አሁንም ገጻችንን ያስነብባሉ። ልጃቸው እንደነገረን፣ እያነበበ ሳለ በየመስመሩ ያስቆሙታል፤ «ቆይ፣ ይኼን ማን አለ?» ይሉታል። መልሱ እዚያው መስመር ላይ ካልተገኘ ልጁ ይደውልልናል።

ባለፈው ሐሙስ ሁለቴ ደወለ። ሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ አንዱ «ይጠበቃል» ነበር፣ ሌላው «በዚህ የተነሣ»። አርመን እንደገና ልከነዋል፤ የመጀመሪያው ፎቶ በስልካችሁ ካለ አጥፉት፣ ሁለተኛውን ያዙ።

ደህና ሰንብቱ።